ባል ለሚስቱ የሚሰጠው የዕርቅ ደብዳቤ፦ ምን ይውጣ፣ ምን ይግባ፣ ማንስ ያድርሰው?

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁም። እኔ ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻና ውል እየጻፍኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። ሰሞኑን አንድ ደንበኛ ለሚስቱ የጻፈውን ደብዳቤ አርሜ በኮምፒውተር እንድገለብጥለት ይዞልኝ መጣ። ባልና ሚስቱ አንድ ጣሪያ ሥር ነው የሚኖሩት፤ ከመስከረም ወዲህ ግን በወጉ አልተነጋገሩም። ደብዳቤውን እንዳለ ገልብጬ ልሰጠው አልሆነልኝም፤ ትዳሩ በዚህ ወረቀት ላይ ተንጠልጥሏል። ስሙን፣ ሰፈሩንና ሥራውን ሳልጠቅስ እናንተን እንድጠይቅ ፈቅዶልኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስትየው በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች ትሸጣለች፤ ከዚያው እየቆጠበች ዕቁብ ትጥል ነበር። ዕጣው ሲደርሳት በላዩ ጨምራ የምትታለብ ላም ልትገዛ አስባለች። ጳጉሜን ላይ ዕጣው ሲወጣላት እሷ መንዝ ለቅሶ ሄዳ ነበርና የዕቁቡ ዳኛ 60,000 ብሩን ለባልየው አስረከቡት። እሱም በዚያው ሳምንት ሸዋ ሮቢት ላለው ታናሽ ወንድሙ ሰጠው። ወንድምየው ለሽንኩርት ዘርና ለማዳበሪያ ተበድሮ፣ ምርቱ ሲደርስ ዋጋ ወድቆበት፣ አበዳሪው የውሃ መሳቢያ ሞተሩን ሊወስድበት ደርሶ ነበር። ሚስትየው ከለቅሶ ስትመለስ ባልየው ምንም አልነገራትም። ሁለት ሳምንት ቆይታ ከዳኛው ሚስት አፍ ሰማችው፤ ያውም ገበያ መሀል።

አልጮኸችም፣ ወደ ወላጆቿም አልሄደችም። ምግቡ በሰዓቱ ይቀርባል፣ ልብሱ ይታጠባል። ቡና ስታፈላ አቦሉን ትቀዳና ስኒውን አስራ ሁለት ዓመት ለሆናት ልጃቸው ታቀብላታለች፤ ለአባትሽ ስጪው ትላለች። አባትየው እዚያው ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ ለእናትሽ እግዜር ይስጥልኝ በያት ይላል። ልጅቷ በሁለት እርምጃ ርቀት መካከል ቃል ታመላልሳለች። ገናም ጥምቀትም እንዲሁ አለፈ።

የእሱ ረቂቅ ይኸውላችሁ፦

«ለውድ ባለቤቴ። ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በመካከላችን የገባው መቀዛቀዝ በጣም አሳዝኖኛል። በዚያ ገንዘብ ምክንያት ካስቀየምኩሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። ወንድም ሲቸገር ዝም ብሎ ማየት እንደማይቻል አንቺም ታውቂዋለሽ። ገንዘቡም ይመጣል። ስለ ልጆቻችን ስንል ያለፈውን ረስተን እንደ አዲስ እንጀምር። ለፋሲካ ቤታችን ደስ እንዲለው መልስሽን ቶሎ እጠብቃለሁ።»

ይህን በልጅቷ እጅ ሊልክላት ነው ሐሳቡ። ምን ይውጣለት? ምን ይጨመር? ወይስ ደብዳቤውን ትቶ ሽማግሌ ይላክ?

የመጡትን ምላሾች በየቁጥራቸው፣ ክሩ ስለረዘመ በራሴ አነጋገር እያሳጠርኩ እዚህ አኖራለሁ። ዘግይታችሁ የገባችሁ ከዚህ አንብቡ።

ምላሽ 1

ትዳር ያልያዘ ወጣት ነው። ደብዳቤው ልብ እንደሚነካ ተናግሮ፣ ሁለት ስንኝ ግጥም ቢጨመርበትና ከስጦታ ጋር ቢሰጥ የተሻለ ነው አለ። በቅን ልቦና ነው የጻፈው። ነገር ግን የዕቁብ ብሯን ላጣች ሴት በዚህ ጊዜ የሚገዛ ስጦታ ሌላ ጥያቄ ነው የሚያስነሳው፦ ብሩ ከየት መጣ?

ምላሽ 2

ይህ ወንድም ፍርድ ቤት የሚለውን አይቶ ነገሩን የፍቺ ማመልከቻ አድርጎ ወሰደው። ፍርድ ቤቱ ባልና ሚስቱን በቅድሚያ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች አማካይነት እንዲታረቁ ሊመክራቸው እንደሚችል፣ የማሰቢያ ጊዜም እንደሚሰጥ በዝርዝር ጻፈ። ላደረገው ጥረት አመስግኜ፣ እዚህ ቤት ፍቺ የሚል ቃል ከማንም አፍ እንዳልወጣ ነገርኩት። እንዳይወጣም ነው የምንለፋው።

ምላሽ 3

መሐል ሜዳ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ብዙ ሽምግልና ላይ ተቀምጠዋል። ክሩን መስመር ያስያዙት እሳቸው ናቸው ብዬ ነው የማምነው።

ረቂቁን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር አዩት። በመጀመሪያ የጠየቁት ያጠፋው ማን ነው የሚለውን ነው። መቀዛቀዙ በመካከላችን ገባ ሲል ብርድ ከውጭ የገባ አስመስሎታል፤ እሱ ግን ብር ወስዶ ደብቋል። ካስቀየምኩሽ ማለቱም አምስት ወር ሙሉ ያየውን ነገር ገና እንደሚጠራጠረው ያስቆጥራል አሉ። አጥፍቻለሁ ብሎ መጀመር፣ ያጠፋውንም በስሙ መጥራት አለበት።

ቀጥለው ያነሱት ያለፈውን እንርሳ የሚለውን ነው። እርሳው ማለት የተበዳይ ፈንታ እንጂ የበዳይ አይደለም አሉ። በሽምግልና ላይ በዳዩ ራሱ ይለፍ ማለት ሲጀምር ሽማግሌው ዝም ያሰኘዋል፤ በደብዳቤ ሲሆን ግን ዝም የሚያሰኘው ስለሌለ ራሱ መጠንቀቅ አለበት። ስለ ልጆቻችን የሚለውም ይውጣ ባይ ናቸው፤ እምቢ ካለች በልጆቿ የጨከነች ያስመስላታልና። የፋሲካውም ቀጠሮ ይቅር፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ቀን አይቆርጥም አሉ።

መጨረሻ ላይ ለእኔ አንድ ምክር ሰጡ። ይህ ወረቀት በኮምፒውተር ተገልብጦ ከደረሳት መጥሪያ ነው የሚመስላት፤ ፊደሉ ቢንጋደድም በእጁ ይጻፈው። ተቀብያለሁ።

ምላሽ 4

ደብረ ሲና ያሉ እህት ናቸው፤ የራሳቸውን ታሪክ ይዘው መጡ። ባለቤታቸው አንድ ጊዜ የቤት ኪራይ ብር አጥፍቶ ረዥም የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈላቸው። ደብዳቤውን ደጋግመው አነበቡት፣ የብሩ መጠን ግን አንድም ቦታ አልነበረም። ያንን ሲያዩ ነው ልባቸው የቆረጠው፤ መጠኑን መጻፍ ያቃተው ሰው ይመልሰዋል ብለው አላመኑም። እዚህ ያለውም ረቂቅ ያው ነው አሉ፤ «በዚያ ገንዘብ ምክንያት» ይላል እንጂ 60,000 አይልም፣ ላም አይልም። ላሟን ካላነሳ ምን እንደወሰደባት አልገባውም ማለት ነው።

ይህ ለእኔ ትልቅ ትምህርት ሆነኝ። የብድር ውል ስጽፍ መጠኑን በአኃዝም በፊደልም ሳላሰፍር አላልፍም፤ እዚህ ግን ጉድለቱን ያየችው ሴት ናት።

ምላሽ 5 እና 6

አምስተኛው ሕግ ጠቀሰ። ከባልና ሚስት አንዱ ያለ ሌላው ፈቃድ ከ500 ብር በላይ ማበደር እንደማይችል፣ ስለዚህ ሚስትየው መክሰስ እንደምትችል ጻፈ። ስድስተኛዋ የሕግ ሰው ትመስላለች፤ በትሕትና አረመችው። የጠቀሰው የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ መሆኑን፣ ሰሜን ሸዋ ላይ የሚሠራው ግን የአማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 እንደሆነ አስታወሰች። ከዚያ አንድ ቁም ነገር ጨመረች፦ በጋብቻ ውስጥ ተሠርቶ የተገኘ ገንዘብ በማንም ስም ይጣል የጋራ ነው። ባልየው ይህን ሰምቶ ደብዳቤው ውስጥ የጋራችን ብር ነው ብሎ እንዳይጽፍ ተማጸነች። በሕግ ልክ ይሆናል፤ በርበሬ ስትደልዝ ለዋለች ሴት ግን ሁለተኛ በደል ነው።

ከምላሽ 7 እስከ 9

እዚህ ላይ ነገሩ ከረረ። ሰባተኛው ከኤፍራታና ግድም ነኝ ያለ ሰው ነው። ወንድሙን ከውርደት ያዳነ ሰው እንደ ሌባ መቆጠሩ አናደደው፤ የዘንድሮ ሴት ለባሏ ዘመድ አንጀት የላትም፣ እሱም ብሩን ጠጥቶ አልጨረሰውም አለ። ስምንተኛዋ መለሰችለት። ብሩ ለእሷ ወንድም ተሰጥቶ፣ እሱ ገበያ ላይ ከሰው አፍ ቢሰማው አምስት ወር ዝም ይል ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው። ሰባተኛው ስድብ ቀረሽ መልስ ጻፈ፤ አስተባባሪው አነሳው።

ዘጠነኛው ሁለቱንም ለማብረድ ሲል አንድ ነገር አነሳ፤ እስካሁን ያልተቋጨው እሱ ነው። የወንድምየው ችግር ደብዳቤው ውስጥ ይግባ ወይስ አይግባ? ምላሽ 3 ላይ መምህሩ ምክንያት ይውጣ ብለው ባይጽፉም አካሄዳቸው ወደዚያ ነበር። ዘጠነኛው ግን ካልገባ ብሩ የት እንደገባ በትክክል ሳታውቅ ትቀራለች፤ ሰው በራሱ ግምት ደግሞ የከፋውን ነው የሚያስበው፣ ሌላ ሴት እንኳ ልትጠረጥር ትችላለች ባይ ነው። እኔ እንደማየው የት እንደሄደ መናገርና ለምን ልክ እንደሆነ መከራከር ይለያያሉ። «ለወንድሜ ሰጠሁት» ይግባ፤ «አንቺም ታውቂዋለሽ» የሚለው ይውጣ።

ምላሽ 10 እና 11

ወደ ሽንኩርት ሄድን። አንዱ የሸዋ ሮቢት ገበሬ ሁሉ በአንድ ሰሞን አጭዶ በአንድ ሰሞን ስለሚያወርድ ነው ዋጋው የሚወድቀው አለ። ሌላው እርጥቡን ሽንኩርት አየር በማያገኝ ጎተራ የከመረ ሰው ዋጋ እስኪመለስ ሳይጠብቅ እንደሚበሰብስበት አስረዳ፤ በቆላው ሙቀት ማሾ ይሻላል ብሎም ተከራከረ። ጠቃሚ ነው፤ ለብቻው ክር እንዲከፍቱለት ለመንኳቸው።

ምላሽ 12

አጭር ምላሽ ነበር፤ የጻፈችው የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ሁላችሁም ስለ ወረቀቱ ስታወሩ ስለ ልጅቷ ማንም አላነሳም ብላ ወቀሰችን። ይህች ልጅ አምስት ወር ሙሉ የሁለት ሰው ቃል ተሸክማለች፤ አሁን ደግሞ የአባቷን ይቅርታ ተሸክማ ልትገባ ነው። እናቷ ወረቀቱን ብትቀድደው የምታየው እሷ ናት። አስራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ማንበብም ትችላለች፤ መንገድ ላይ ከፍታ ብታነበውስ? መምህርቷ እንዲህ ያሉ ልጆች ክፍል ውስጥ ምን እንደሚመስሉ ታውቃለች፤ ሳይጠየቁ ያስታርቃሉ፣ ሁለት ልጆች ሲጣሉ እነሱ ናቸው የሚያለቅሱት። ደብዳቤውን ባልየው በራሱ እጅ ይስጥ፣ ልጅቷ በሌለችበት ሰዓት። ውስጡም ልጃችንን ከእንግዲህ በመካከላችን አልልካትም የሚል ይግባበት አለች።

ይህንን ለደንበኛዬ ስነግረው ረዥም ጊዜ ዝም አለ። ስለ 60,000ው ስናወራ ብዙ ተከራክሮኛል፤ በዚህ ግን አንዲት ቃል አልተከራከረኝም።

ምላሽ 13 እና 14

አስራ ሦስተኛው ከአንኮበር በኩል ያሉ አባት ናቸው። ደብዳቤ የሩቅ ሰው ነገር ነው፣ ቤት ላለ ሰው ሽማግሌና የንስሐ አባት ይላካል አሉ። ሽማግሌ ደጅ ቆሞ አንቀመጥም ሲል፣ በዳዩም ድንጋይ ተሸክሞ ሲወድቅ የማይራራ ልብ የለም፤ ዓቢይ ጾምም ስለደረሰ ጊዜው አሁን ነው። ወጋችንን አክብረው ነው የጻፉት፣ ብዙ ሰውም ደገፋቸው።

መምህሩ ተመልሰው በምላሽ 14 መለሱላቸው። ሽምግልናን እንደሚያከብሩ፣ ዕድሜያቸውን ያሳለፉበትም እንደሆነ ጠቅሰው፣ የሚፈሩት ያንኑ የማይራራ ልብ የለም የተባለውን ነው አሉ። ሴቲቱ ሦስት ሽበታም ሰው በሯ ላይ ቆሞ፣ ቄሱ መስቀል ይዘው፣ ጎረቤት እያየ እምቢ ማለት አትችልም። አፏ እሺ ይላል፤ ሽማግሌው ጠላውን ጠጥቶ ሲወጣ ስኒው እንደገና በልጅ እጅ ይላካል። እንዲህ ያለ ዕርቅ አስታርቀው ወራት ሳይቆይ ሲፈርስ ማየታቸውን ጻፉ። ደግሞም ነገሩ እስከ ዛሬ ከቤት አልወጣም፤ ሽማግሌ ከገባበት ዘመድ ሁሉ ያውቀዋል፣ ገበያ ላይ ያፈረችው ሴት ሁለተኛ ታፍራለች። ደብዳቤ ግን ለብቻዋ አንብባ፣ ትራሷ ሥር አድርጋ፣ ስትፈልግ የምትመልስበት ነው። ሽማግሌ ራሷ ከፈለገች ትጥራ።

አባትየው አልተስማሙም፤ ወንድ ልጅ በወረቀት ጀርባ አይደበቅም ብለው ወጡ። በደብዳቤው ቢስማሙም ባይስማሙም፣ በእጁ መስጠቱ ላይ ግን ከምላሽ 12 ጋር አንድ ናቸው።

ምላሽ 15

አንዲት እህት ባንድ ቤት እያደሩ «ለጤናሽ እንደምን አለሽ» ማለት ያስቃል፣ ይውጣ አለች። እኔም መጀመሪያ ልሰርዘው ነበር። ደንበኛዬን ስጠይቀው ግን ከመስከረም ወዲህ እንዴት አደርሽ እንኳ ብሏት አያውቅም።

ከምላሽ 16 እስከ 18

ስለ ክፍያው ነው። ደንበኛዬ በወር 3,000 ብር እመልሳለሁ ብሎ ሊጽፍ ነበር፤ 60,000ው በ20 ወር ያልቃል ማለት ነው። አስራ ስድስተኛዋ፣ ሂሳብ ሠራተኛ ናት፣ የቤቱን ገቢና ወጪ የምታውቀው ሚስትየዋ መሆኗን አስታወሰች። ከደመወዙ ላይ 3,000 ሲነሳ የቤቱ አስቤዛ እንደሚጎድል ወዲያው ነው የምታሰላው። ያኔ የገዛ ቀለቧን መልሶ ሊሰጣት መሆኑ ይገባታል። ብሩ ቤቱ ከማያውቀው ቦታ መምጣት አለበት። ደንበኛዬን አስቀምጬ ሠራነው። ወንድምየው እስካሁን 15,000 መልሷል፤ ይህንንም ለሚስቱ አልነገራትም ነበር። የቀረው 45,000 ነው። ከትርፍ ሰዓት ሥራው ሳይጎድል ሊያወጣ የሚችለው በወር 1,500 ብር ብቻ ነው፤ 30 ወር፣ ማለትም ሁለት ዓመት ተኩል። ረዥም ነው፤ ግን ይቻላል።

አስራ ሰባተኛው ታዲያ 30 ሰው ያለበት የ1,500 ብር ወርሃዊ ዕቁብ በስሟ ይጣልላት፣ ድምሩ ያው 45,000 ነው፣ ዕጣው ቀድሞም ሊደርሳት ይችላል አለ። ብልህ ሐሳብ ነው። አስራ ስምንተኛዋ ግን ዕጣው መጨረሻ ላይም ሊወጣ እንደሚችል፣ ቀድሞ ከወጣ ደግሞ ዋስ እንደሚጠየቅ አንስታ፣ ከሁሉ በላይ በዕቁብ የተጎዳችን ሴት ሳይጠይቁ ዕቁብ ማስገባት ያው የፊተኛው ጥፋት ነው አለች። ብሩ በሒሳቧ ይግባ፤ ዕቁብ ታስገባው፣ ላም ትግዛበት፣ የእሷ ጉዳይ ነው።

ምላሽ 19

የሰው ገመና አደባባይ አወጣህ ብሎ በእኔ ላይ የተቆጣ ነው። ፈቃድ እንዳለኝ መነሻው ላይ ጽፌያለሁ፤ ቤቱ የሚታወቅበትን ነገር ሁሉ ቀይሬዋለሁ። ቁጣው ለሴትየዋ ክብር ከማሰብ የመጣ ስለሆነ አልከፋኝም።

የተስማማንበት ደብዳቤ

ደንበኛዬ በእጁ የጻፈው ይህን ነው። «ለጤናሽ» የሚለውን አላስወጣም አለ።

«ለባለቤቴ። ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ከመስከረም ጀምሮ አልጠየቅኩሽም። ጳጉሜን ላይ ለቅሶ በሄድሽበት ዕቁብሽ ወጥቶ ዳኛው 60,000 ብር ሰጡኝ። ላም ልትገዢበት እንደነበር አውቃለሁ። ሳልጠይቅሽ ለወንድሜ ሰጠሁት፤ ስትመለሺም ደበቅኩሽ። ገበያ ላይ ከሰው አፍ እንድትሰሚ አደረግኩሽ። አጥፍቻለሁ። ወንድሜ 15,000 ብር መልሷል፤ እሱንም አልነገርኩሽም ነበር። ትናንት ሒሳብሽ ውስጥ አስገብቼዋለሁ፣ ደረሰኙ ከዚህ ጋር አለ። የቀረውን 45,000 ብር ከትርፍ ሰዓቴ በየወሩ 1,500 ብር አስገባለሁ። ወንድሜ ባይከፍልም እኔ እከፍላለሁ። ከእንግዲህ ለማንም ዘመድ፣ ለእኔም ይሁን ላንቺ፣ ሳንመካከር ብር አልሰጥም። ልጃችንን በመካከላችን አልልካትም፤ የምለውን እኔው እነግርሻለሁ፣ ባትመልሺልኝም። እንደ አዲስ ብንጀምር ደስ ይለኛል። ይህን ዛሬ መልሺልኝ አልልም።»

ምላሽ 20 እና 21

ሃያኛው ለራሱ ቤት ሊገለብጠው ፈቃድ ጠየቀ። ስሙንና ብሩን ብቻ ቀይሮ ሊጠቀምበት ከሆነ አይሆንም አልኩት። መጀመሪያ እሷ ምን እንዳጣችና ከማን እንደሰማችው ይጻፍልኝ፤ ከዚያ አብረን እናየዋለን።

ሃያ አንደኛዋ የደብረ ሲናዋ እህት ናቸው፤ ተመልሰው መጡ። አሁን የብሩ ልክ ስላለበት ደስ ብሏቸዋል፤ ግን ሁለት ዓመት ተኩል ረዥም መሆኑን አስጠነቀቁ። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ወር ነው፤ ትርፍ ሰዓት ይቀራል፣ 1,500ው 800 ይሆናል፣ ሰውየው ያፍርና ዝም ይላል። ያኔ የጎደለበትን ወር ቀኑ ሳያልፍ ራሱ ቀድሞ ይንገራት፤ ጉድለቱን ትችለዋለች፣ ሁለተኛ ዝምታውን ግን አትችለውም አሉ። ይህን ለደንበኛዬ በቃል ነግሬዋለሁ።

ደብዳቤውን ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልጆቹ ሰንበት ትምህርት ቤት ሲሄዱ ሊሰጣት ነው ያሰበው። የቀረን ጥያቄ የወንድምየው ነው። ከሸዋ ሮቢት ወጥቶ እሱም ይቅርታ ይጠይቃት ወይስ እሷ መልስ እስክትሰጥ ይቆይ? እኔ ይቆይ ባይ ነኝ፤ ቀድሞ ከመጣ የአንኮበሩ አባት ያሉት ሽምግልና ይሆንባታል ብዬ እሰጋለሁ። በአማች መካከል እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችሁ የፈታችሁ ካላችሁ ከቅዳሜ በፊት ጻፉልኝ።